ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ

«እማዬ፣ ይኼ የትኛው ሰ ነው?»

ዘርፈሽ ይህን የጠየቀችው በሐምሌ 1980፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ የጽሕፈት ቤቱን ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው። በእጇ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ይዛለች። በሁለቱም ጫፍ ላይ ከጥፍር የማይበልጥ ወረቀት በክር ታስሯል። በአንደኛው ወረቀት ላይ በእርሳስ ሰ ተብሎ ተጽፏል። በሌላውም ሰ ተብሎ ተጽፏል። ሁለቱንም የጻፈችው እናቷ ሐረግወይን ናት።

ሐረግወይን ወረቀቶቹን አየች። ከዚያ መስኮቱን አየች። ምን ብላ ትመልስ?

«ሰ እኮ ሰ ነው፤» አለች በመጨረሻ። «ምን ልዩነት አለው ልጄ?»

«ማለት ሁለቱ አንድ ናቸው? የትኛውም በየትኛው ቢገባ ምንም አይደል?»

«ምንም አይደል።»

ዘርፈሽ አመነቻት። ለምን አታምናት? እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በእናቷ ደብተር ውስጥ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ነው። ሐረግወይን በነቀምቴ በአንድ የቤተ ክርስቲያን የልማት ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ትወለውላለች፣ ሻይ ታፈላለች፣ እንግዳ ማረፊያውን ታነጥፋለች። የመጣችው ከሸዋ ነው፤ ባሏ ዋጋሪ ግን የነቀምቴ ልጅ፣ በገበያው አጠገብ ራዲዮ ጠጋኝ ነበር። እሱ ሲሞት የቀራት አንዲት ልጅና አንድ ሣጥን ሙሉ ብሎን መፍቻ ነው። ልጅቱ ከልጅነቷ ጀምሮ ራዲዮ ከፍታ ስትገጥም አደገች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ በዚያው ጽሕፈት ቤት በጊዜያዊነት የእህል ዘር ዕደላ ትመዘግባለች።

ሐረግወይን ራሷ ፊደል የቆጠረችው ጸጉሯ ሸበቶ ማውጣት ከጀመረ በኋላ፣ በጨለለቂ ቀበሌ አዳራሽ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። የምስክር ወረቀቷን በፕላስቲክ ጠቅልላ ከሣጥን ግርጌ አኑራለች። የተማረችበትን ምክንያት ሲጠይቋት «ለአገር ዕድገት» ትላለች፤ እንዲህ መባል እንዳለበት ታውቃለች። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ልጄ አንድ ቀን ትሄዳለች፣ ደብዳቤ ትጽፍልኛለች፣ የልጄን ደብዳቤ ጎረቤት አያነብልኝም ብላ ነው። ልጅቱ ገና የትም ሳትሄድ እናቲቱ የደብዳቤውን ጭንቀት ጀምራ ነበር።

በዚያ ሳምንት ከአዲስ አበባ አንድ ቀጭን ወጣት ከብዙ ካርቶን ጋር መጣ። ስሙ ገብረክርስቶስ ነው። በካርቶኖቹ ውስጥ ኮምፒውተር አለ ተባለ፤ ግን ሙሉ አይደለም፤ የተበታተነ ነው። የሚገጥመው እሱ ነው። ለጽሕፈት ቤቱ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ነው፤ በከተማው ሌላ መኖሩንም ያየ ሰው የለም።

ገብረክርስቶስ ማክሰኞ ዕለት ካርቶኖቹን ከፈተ። የኮምፒውተሩን የቆርቆሮ ሣጥን ፊት ነቅሎ ከቁልፎቹና ከመብራቶቹ የሚወጡትን ሽቦዎች አንድ በአንድ አጣራ፤ ፊቱንም መልሶ አሰረ። ከዚያ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከአሥር ቀን በፊት ዴዴሳ ሸለቆ ሠርቶ ነበር፤ ወባውን ከዚያ ይዞት መጥቷል። ኃላፊው ኦቦ ዋቅወያ ለስብሰባ ወደ ኡኬ ሄደዋል። ዘርፈሽ ከዘር መኪናው ጋር ጊዳ አያና ነች። በቢሮው የቀረችው ሐረግወይን ብቻ ናት።

ረቡዕ ጧት አጥሚት ይዛለት እንግዳ ማረፊያው ገባች። ልጁ ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ ጥርሱ ይገጫል።

«እናቴ፣ ዛሬ መኪና መጥቶ ይወስደኛል፤» አላት። «እርስዎ… መጻፍ ይችላሉ?»

ሐረግወይን ይህን ጥያቄ ሰው እንዲጠይቃት ሦስት ዓመት ጠብቃለች። አጥሚቱን አስቀመጠች፤ እጇን በነጠላዋ ጠረገች፤ ከብብቷ ደብተርና እርሳስ አወጣች።

«እንዴታ!»

ያ ጧት ኋላ ሲታሰባት ሕልም ይመስላታል። ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ እስከ መስኮቱ መጥቷል። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ይናገራል፤ ድምፁ አንዴ ይርቃል፣ አንዴ ይቀርባል። እሷ ደግሞ ምላሷን በጥርሷ ይዛ ትጽፋለች። የሚለው ነገር ስለ ኮምፒውተር ሳይሆን ስለ ቤት አሠራር ይመስላት ነበር።

«አንድ፤ እጅ ታጥቦ ይደርቃል። ቀለበት ይወልቃል። ሰሌዳዎቹ ከመነካታቸው በፊት የሣጥኑ ባዶ ብረት ይነካል። ሹራብ አይለበስም።»

«ሹራብ ምን አደረገ?»

«ሹራብ መብረቅ ይይዛል እናቴ። ትንሽዬ መብረቅ። ሰው አያየውም፤ እነሱን ግን ይገድላቸዋል።»

ሐረግወይን የራሷን ሹራብ አየችና አውልቃ ከበሩ ውጭ አኖረችው።

«ሁለት፤ እግሮቹ። በትንሿ ከረጢት የነሐስ እግሮች አሉ፤ ነጫጭ የፕላስቲክም አሉ። ሰሌዳው በሣጥኑ ወለል ላይ ተለክቶ፣ ቀዳዳው ከቀዳዳ ሲገጥም እዚያ ብቻ ይተከላሉ። ሰሌዳው ቀዳዳ በሌለበት ቦታ አንድም የነሐስ እግር እንዳይቆም! ከታች ወግቶ ያቃጥለዋል።»

«እዚያ… ብቻ…» ሐረግወይን ጻፈች።

«ሦስት፤ እናትየዋ።»

«የማን እናት?»

ልጁ ዓይኑን ሳይገልጥ ፈገግ አለ። «ትልቁ ሰሌዳ። ፈረንጆች እናት ነው የሚሏት፤ ማዘርቦርድ። ሌላው ሁሉ እሷ ላይ ነው የሚሰካው። እሷ ካልበራች ማንም አይበራም።»

ሐረግወይን ያንን ቃል በትልልቁ ጻፈችው።

ሲጨርሱ ሣጥኑን ከአልጋው አጠገብ አስጎተታት። ከፊቱ የሚወጡት ሽቦዎች ሰባት ናቸው፤ ሽቦዎቹ ምንም ጽሑፍ የላቸውም። እሱ አንድ አንዱን እያነሣ የፊደል ስም ይጠራል፤ እሷ ፊደሉን በወረቀት ቁራጭ ጽፋ በክር ታስራለች፤ በደብተሯም ትርጉሙን ታሰፍራለች። ሀ የኃይሉ መብራት። ለ ድምፅ ማውጫው። ሐ የዲስኩ መብራት። መ ቁልፉ።

«ሠ፤» አለ። «ይኼ የፍጥነቱ ማብሪያ ነው። ተጭነው ሲተዉት ገብቶ ይቀራል። ገብቶ ይቀመጥ። ንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው እናቴ፤ ንጉሡ።»

ሐረግወይን እርሳሷን አነሣች። በሩን አየች። በዚያ ዘመን፣ በቢሮ ውስጥ፣ ወባ የያዘው ሰው «ንጉሡ፣ ንጉሡ» ሲል የሚሰማ ቢያልፍስ?

«ዝም በል ልጄ፣ ትኩሳቱ ነው፤» አለችው ቀስ ብላ።

«ረ፤ የፍጥነቱ መብራት። የመጨረሻው ሰ፤ እሳቱ ሰ። እንደገና ማስጀመሪያው ነው። ሲጫኑት ገብቶ ወዲያው ይመለሳል።»

አሁን ደግሞ እሳት። ምስኪን፣ ቃዠ አለች በልቧ። በጨለለቂው አዳራሽ ያስተማራት ጎረምሳ ዘማች አንድ ሀ እና አንድ ሰ ብቻ ነው ያስተማራቸው። ሰሌዳው ላይ ሌላ ሠ ሲያዩ «ያቺ የፊውዳሎቹ ናት፤ ለሰፊው ሕዝብ አንድ ሰ ይበቃዋል» ብሎ አለፋት፤ ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ታዲያ ሐረግወይን ለሁለቱም ሽቦ የምታውቀውን ሰ ጻፈች። ደግማ ብትጠይቀው ይሻል እንደነበር ውስጧ ነግሯታል። ግን ተምሬያለሁ ብላ እንዴት ደግማ ትጠይቅ?

መኪናው መጣ። ልጁን ደግፈው ሲያስገቡት በመስኮት ተጣራ፦ «እናቴ! ከኃይል ማደያው የሚወጡት ሁለት ሰፋፊ ሶኬቶች! ጥቁሩ ሽቦ ከጥቁሩ ጎን ይሁን! መሀል ላይ! ከተገለበጠ ሁሉም ነገር ተቃጠለ ማለት ነው!»

ዝናብ እየመታት ደረቷ ላይ ደብተሩን ዘርግታ ያንንም ጻፈች።

ቅዳሜ ዕለት ዘርፈሽ ከጊዳ አያና ተመለሰች። ኦቦ ዋቅወያም ከኡኬ መጡ። ሰኞ ጧት ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለ፤ ኦቦ ዋቅወያ ሲያነጋግሩ ሐረግወይን ሻይ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ሐሙስ? …ገጣሚው ታሟል እኮ ጋሼ ተድላ… አዎ፣ አንዲት ልጅ አለች። የዋጋሪ ልጅ ነች። …ከገጠመችውስ? …ስድስት ወር? እዚያው አዲስ አበባ?»

ስልኩን ዘጉና ዞረው በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ አሏት። «አካም ቡልቴ፣ አዴ ሐረግ። ልጅሽን ጥሪልኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዋናው ጽሕፈት ቤት አቶ ተድላ ሐሙስ ይመጣሉ። ኮምፒውተሩ ሠርቶ ካገኙት ይህችን ልጅ አዲስ አበባ ወስደው ያሠለጥኗታል፤ ከዚያ በየቅርንጫፉ እየዞረች ትገጥማለች፤ ቋሚ ሥራ ነው። ካልሠራ ካርቶኖቹን ጭነው ይመለሳሉ። በዘር ምዝገባው ደግሞ የዘርፈሽ ጊዜ በነሐሴ ያልቃል።

ዘርፈሽ ከደስታዋ ብዛት የኦቦ ዋቅወያን ጠረጴዛ በመዳፏ መታች።

«ኮምፒውተር አይተሽ ታውቂያለሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?» አሏት ኦቦ ዋቅወያ።

«አላውቅም፣ ኦቦ። ሲፈርስም አላየሁ። ከዚህ ወዲያ ሊፈርስ ስለማይችል ግን አልፈራም።»

ኦቦ ዋቅወያ ሳቁ። ሐረግወይን አልሳቀችም። ጆሮዋ ላይ «ስድስት ወር» የሚለው ቃል ቀርቷል።

ሥራው በዚያው ሰኞ ተጀመረ። የስብሰባ ክፍሉ ረጅም የእንጨት ጠረጴዛ ተጠረገ። እናት ደብተሯን ይዛ ከአንድ ጫፍ ተቀመጠች፤ ልጅ ሣጥኑን ከፊቷ አስተኛች። ሐረግወይን በመሠረተ ትምህርት እንደለመደችው በጣቷ እየተከተለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች።

«አ-ን-ድ። እጅ ታጥቦ ይደርቃል…»

«ታጠብኩ።»

«ሹራብ አይለበስም።»

«በዚህ ብርድ?»

«መብረቅ አለው ብሏል! አውልቂ!»

ዘርፈሽ ሹራቧን አወለቀች፤ የሣጥኑን ብረት ነካች። ሰሌዳዋን ከከረጢቷ አውጥታ በሣጥኑ ወለል ላይ ያዘቻትና በቀዳዳዎቿ አጮለቀች፤ ከዚያ መልሳ አወጣቻት። የነሐስ እግር የሚገባበትን ሁለት ቦታ፣ ነጫጮቹ የሚገቡበትን ስድስት ቦታ በእርሳስ ምልክት አደረገች። በከረጢቱ ውስጥ አራት የነሐስ እግሮች አሉ።

«ሁለት ተረፈ እማዬ። ሁለት ቦታ ባዶ አለ፣ ልትከላቸው?»

«ሰሌዳው ቀዳዳ አለው እዚያ?»

«የለውም።»

«እንግዲያስ አይቆሙም! ‹እዚያ ብቻ› ይላል።» ሐረግወይን ደብተሩን አዙራ አሳየቻት፤ ልክ ዳኛ ፊት እንደቀረበ ማስረጃ።

ማክሰኞ ማስታወሻ የሚባሉትን ባለ ብዙ እግር ጥቁር ቺፖች አንድ በአንድ ተከሉ። የእያንዳንዱ ጫፍ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ምልክት አለው፤ ምልክቱ በሰሌዳዋ ላይ ከተሣለው ምልክት ጋር በአንድ ወገን መሆን አለበት። ዘርፈሽ እግራቸው እንዳይታጠፍ ትንፋሿን ይዛ ትጫናቸዋለች። ከዚያ እናትየዋን በእግሮቿ ላይ አሳረፏት። ብሎኖቹን ከቀይ ወረቀት መሳይ ቀለበታቸው ጋር ሁሉንም ላላ አድርገው አስገቡ፤ ሁሉም ከገቡ በኋላ ነው ያጠበቋቸው።

ሐረግወይን መነጽር እንደሌላት ረስታ ጎንበስ ብላ አየቻት። አረንጓዴ ነች። በላይዋ የነሐስ መንገዶች ይሄዳሉ፤ ይቀጥናሉ፤ ይጠማዘዛሉ፤ ጥቋቁር ቤቶች በረድፍ ቆመዋል። ከኮረብታ ላይ ሆኖ ከዝናብ በኋላ ነቀምቴን እንደማየት ነው። ይኼ ወደ ኡኬ የሚወስደው ይሆናል። ይኼ ወደ ጊምቢ። ይኼ በዳር በዳር የሚሄደው፣ ቀጭኑ፣ ከጫፍ ወጥቶ የሚጠፋው… ይኼ የአዲስ አበባው ነው። ጣቷን ልትሰድ ስትል ዘርፈሽ «እማዬ! ብረት ንኪ በመጀመሪያ!» አለቻት። እናትና ልጅ ሳቁ።

ረቡዕ ኃይል ማደያው ገባ። ከጀርባው ያለው ቀዩ ማብሪያ 220 ላይ መሆኑን አዩ። ሁለቱን ሰፋፊ ሶኬቶች ጥቁሩን ከጥቁሩ ጎን አድርጋ ዘርፈሽ ሰካቻቸው። የሥዕሉንና የዲስኩን ካርዶች በቦታቸው ተጭና በብሎን አሰረች። የዲስክ ማንበቢያውን አስገባች፤ የጠፍጣፋውን ሽቦ ቀይ ጠርዝ አንድ ቁጥር ወደተጻፈበት ወገን አደረገች። የቀረው የፊቱ ሽቦዎች ነበሩ።

በሰሌዳዋ ጠርዝ ላይ መርፌ የሚያክሉ እግሮች ተደርድረዋል፤ አጠገባቸው በእንግሊዝኛ በደቃቁ ተጽፏል፤ ያን ዘርፈሽ ታነባለች። ሽቦዎቹን ግን የሚያውቃቸው የእናቷ ፊደል ብቻ ነው። ሁለት ሀ ቢኖሩም አላስቸገሩም፤ አንዱ ባለ ሦስት ቀዳዳ፣ አንዱ ባለ ሁለት ነው። ሁለቱ ሰ ግን መንታ ናቸው። ቀለማቸው አንድ፣ ቀዳዳቸው ሁለት ሁለት።

ያኔ ነው ያቺ ጥያቄ የመጣችው፤ ያ መልስም የተሰጠው።

ዘርፈሽ ሁለቱን ሰ እንዳገኘቻቸው ሰካቻቸው። የወደቀ ብሎን እንዳይኖር ሣጥኑን አዘንብላ ነቀነቀች። ኦቦ ዋቅወያ ተጠሩ። ሠራተኛው ሁሉ በሩ ላይ ተሰበሰበ። ኃይሉ ተለቀቀ።

ማራገቢያው ዞረ። አረንጓዴዋ መብራት በራች። አንዱ ተደንቆ «ወዩ!» አለ። ግን የኮምፒውተሩ መስኮት፣ ያ ጽሑፍ የሚወጣበት ጥቁር ብርጭቆ፣ ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ጠበቁ። ድምፅ የለም፤ ጽሑፍ የለም።

«ሞቅ እስኪል ይሆናል፤» አሉ ኦቦ ዋቅወያ። «የእኔም ራዲዮ እንዲህ ነው።»

ሞቀ። ምንም የለም። ሰዉ አንድ በአንድ ከበሩ ጠፋ።

ዘርፈሽ አጥፍታ ካርዶቹን ነቅላ መለሰቻቸው። ቺፖቹን አንድ በአንድ ተጫነቻቸው። ጥቁርና ጥቁሩን ደግማ አየች። «ሁለት!» ስትል እናቷ ሁለትን ታነባለች፤ «አምስት!» ስትል አምስትን። ሁሉም ልክ ነው። ዘርፈሽ መሬት ተቀምጣ ግንባሯን በጉልበቷ ላይ አሳረፈች። «ቺፕ ሞቶ ይሆናል፤» አለች። «ወይ እናትየዋ ራሷ። ከዚህ አንድም የማውቀው ነገር የለኝም።»

ሐረግወይን ደብተሩን ዘጋች። በጣቷ ሥር፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ሁለት ሰ ነበሩ። ሰ፤ ፍጥነት፣ ገብቶ ይቀራል። ሰ፤ እንደገና ማስጀመሪያ፣ ገብቶ ይመለሳል።

አንድ ነገር ልቧን ነካው። ልትናገር አፏን ከፈተች። ከዚያም ሌላ ነገር፣ ለስለስ ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ አፏን መልሶ ዘጋው። ካልበራ ካርቶኖቹ ይሄዳሉ። ካርቶኖቹ ከሄዱ ልጅቱ አትሄድም። በነሐሴ ሌላ ሥራ ይገኝላታል፤ የአባቷ ሱቅ እንኳ ይከፈታል። ማታ ማታ አብረው ይበላሉ። ማን ምን ይጎዳል?

«ነይ ወደ ቤት እንሂድ ልጄ፤» አለች።

ያን ሌሊት ሐረግወይን ሕልም አየች። በጨለለቂ ቤታቸው በር ላይ ሁለት እንግዶች ቆመዋል። አንዱ ሦስት ቀጥ ያሉ እግሮች አሉት፤ ካባ ለብሷል። ሌላው ሁለት እግር ብቻ ነው ያለው፤ እንደ ፍም ፊቱ ቀልቷል። «በስማችን ጥሪን» ይሏታል። «ሁለታችሁም ሰ ናችሁ» ትላቸዋለች። አዝነው አንገታቸውን ይደፋሉ። ከበስተጀርባቸው የነሐስ መንገድ በጭጋግ ውስጥ ይሄዳል፤ በመንገዱ ላይ ዘርፈሽ ሻንጣ ይዛ ቆማለች፤ አትሄድም፤ አትመጣም። እግሯን ታነሣለች፣ መልሳ እዚያው ታኖራለች። እንደገና ታነሣለች፣ እንደገና እዚያው።

ነቅታ ስትቀመጥ ጎህ እየቀደደ ነበር። አጠገቧ ልጅቱ ተኝታለች፤ በእንቅልፏም ጣቷ ብሎን እንደሚያዞር ይንቀሳቀሳል።

አቶ ተድላ ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ደረሱ። ረጅም፣ ትዕግሥት የሌላቸው፣ ሰዓታቸውን የሚያዩ ሰው ናቸው። ዘርፈሽ ኃይሉን ለቀቀች። ማራገቢያው ዞረ፤ መስኮቱ ጠቆረ።

«ይኼው ነው?» አሉ።

«ሁሉንም በተራ ነው ያደረግኩት፣ ጌታዬ። ምክንያቱን አላወቅኩትም።»

«አይዞሽ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ ያለ ባለሙያ መሞከሩ ነው ጥፋቱ።» ወደ ሾፌራቸው ዞሩ። «ካርቶኖቹን አምጣቸው።»

ሾፌሩ ወጣ። ዘርፈሽ አላለቀሰችም። ብሎን መፍቻዎቹን፣ የአባቷን፣ በጨርቅ እየጠቀለለች ታስገባ ጀመር፤ ልክ ዋጋሪ በሞተ ሰሞን ሐረግወይን እንደጠቀለለቻቸው። ሐረግወይን ሻይ የያዘውን ሰሃን ይዛ ቆማ ያን እጅ አየች። ወደ ጠረጴዛው አንድ እርምጃ ቀረበች።

«ንጉሡ ነው!» አለች።

ኦቦ ዋቅወያ ፊታቸው ተለዋወጠ። «አዴ ሐረግ… ምን ነካሽ?»

«ንጉሡ ነው፣ እሳቱ ነው! ልጁ ነግሮኝ ነበር። ንጉሡ ሠ ብሎኛል፣ ለፍጥነቱ። እሳቱ ሰ ብሎኛል፣ ለማስጀመሪያው። እኔ ቃዠ አልኩ። ሁለቱንም በአንድ ሰ ጻፍኳቸው። የማውቀው አንድ ብቻ ነው። ልጄ ስትጠይቀኝ አፍሬ አንድ ናቸው አልኳት።» እንባዋ መጣ። «ትናንትም ጠርጥሬ ነበር። እንዳትሄድብኝ ብዬ ዝም አልኩ። ይኸው፣ ተናገርኩ።»

ዘርፈሽ ጨርቁን ጣለች። እናቷን አላየቻትም፤ ሣጥኑን ነው ያየችው። «ገብቶ የሚቀረው…» አለች ለራሷ። ጎንበስ ብላ የፊቱን ቁልፎች አየች። የፍጥነቱ ቁልፍ፣ ታዝዞ እንደነበረው፣ ገብቶ ተቀምጧል። «ኦቦ! ይኼ ማስጀመሪያው ቦታ ላይ ከገባ፣ አንድ ሰው ጣቱን ማስጀመሪያው ላይ ጭኖ አልለቅም እንዳለ ነው። ሊጀምር ሲል ይመልሰዋል፤ ሊጀምር ሲል ይመልሰዋል!»

ኃይሉን አጠፋች። የሣጥኑን ብረት ነካች። ሁለቱን ሽቦዎች ነቅላ አቀያየረቻቸው። የኃይሉን ማብሪያ ተጫነች።

ማራገቢያው ዞረ። በመስኮቱ ጥግ ላይ እንደ ጤዛ የምታበራ አረንጓዴ ቁጥር ብቅ አለች፤ አደገች፤ ተለወጠች። እናትየዋ ማስታወሻዋን እየቆጠረች ነው። ከሣጥኑ ሆድ አጭር ጩኸት፣ የጫጩት ያህል፣ ተሰማ። ከዚያ የዲስኩ መብራት ቦግ አለ።

«ጋሪ! ጎበዝ!» ጮኹ ኦቦ ዋቅወያ። «ቱፍ ቱፍ! አንቺ የዋጋሪ ልጅ!»

አቶ ተድላ ሰዓታቸውን ማየት ትተው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሐረግወይንን ዞረው አዩዋት። «እና ይኼን ሁሉ ቅደም ተከተል የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«ስህተቱንም።»

«ደብተሩን ማየት እችላለሁ?»

ሾፌሩ ካርቶኖቹን ተሸክሞ በሩ ላይ ደረሰ። «መልሳቸው» ተባለ።

ዘርፈሽ ያኔ ነው ወደ እናቷ የመጣችው። ሰሃኑን ከእጇ ተቀበለቻትና አስቀመጠች። መቆጣት ፈልጋ ነበር፤ ከፊቷ ይታወቃል፤ ግን ከንፈሯ አልታዘዛትም።

«እማዬ፣ ንጉሡ ወረደ እንጂ ፊደሉ መች ወረደ?»

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማሻል፤» አለች ሐረግወይን፣ እያለቀሰችና እየሳቀች።

በዚያው ከሰዓት ዘርፈሽ በእናቷ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ሁለቱን ፊደላት ጎን ለጎን ጻፈችላት። ንጉሡ ሦስት እግር አለው፤ እሳቱ ሁለት። ሐረግወይን ገጹ እስኪሞላ ድረስ ቀዳቻቸው። በፊቱ ሽቦዎች ላይ የተንጠለጠሉት ወረቀቶችም ተለወጡ።

በነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት ጧት የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሲነሣ ሐረግወይን መናኸሪያው አጥር ሥር ቆማ ነበር። ልጅቱ የአባቷን መፍቻዎች በጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛለች። ሐረግወይን ሹራብ ልትሰጣት ይዛ መጥታ ነበር፤ መብረቁ ትዝ ብሏት እንደያዘችው ቀረች።

በመስከረም ደብዳቤ መጣ። ሐረግወይን ቢሮው ባዶ እስኪሆን ጠበቀች፤ ኮምፒውተሩ ፊት ባለው ወንበር ተቀምጣ በጣቷ እየተከተለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ማንም ሳይረዳት አነበበችው። ሁለት ኮምፒውተር ገጥማለች፤ ሦስተኛውን ልትጀምር ነው። «ሥራው» በሚለው ቃል ላይ ባለ ሦስት እግሩን ስታገኝ ቆመች። «ንጉሡ» አለች፣ በሩን ሳታይ።

ስድስቱ ወር ዓመት ሆነ፤ ዓመቱም ሌላ ዓመት ወለደ። ኮምፒውተሩ ነቀምቴ ቀረ፤ ሐረግወይንም ቀረች። ዘርፈሽ ሄደች።